አንድ ምት የቀደመ፣ አንድ ምት የዘገየ

በአንድ አዳራሽ በር ላይ የሚገባውን ሰው ለመቁጠር የተሠራ ትንሽ መሣሪያ አለ እንበል። አስተናጋጁ ሰው ባለፈ ቁጥር ቁልፍ ይጫናል፤ በመስኮቷ ላይ ያለው ቁጥር በአንድ ይጨምራል። ከዚህ የቀለለ ሥራ ያለ አይመስልም። ችግሩ የሰው ጣት ቀርፋፋ መሆኑ ነው። ቁልፉን ተጭኖ እስኪለቅ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ይፈጅበታል። በ50 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ቺፕ ደግሞ በሰከንድ 50 ሚሊዮን ጊዜ፣ ማለትም በየ20 ናኖሰከንዱ፣ ቁልፉን ያያል። ተጭኖ ባየው ቁጥር አንድ የሚጨምር ቢሆን፣ አንድ ሰው ሲገባ 5 ሚሊዮን ሰው ይመዘግብ ነበር።

ስለዚህ መሣሪያው ማስታወስ አለበት። «ቁልፉ ተጭኗል» ብሎ ማየት አይበቃውም፤ «ቅድም አልተጫነም ነበር፣ አሁን ግን ተጫነ» ማለት መቻል አለበት። ይህን የሚሠራው ክፍል ስቴት ማሽን ይባላል። ውስጡ ፍሊፕ ፍሎፕ የሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ቢት የሚይዙ ማስታወሻዎች አሉ። በነዚህ ውስጥ የተያዘው ነገር ማሽኑ ያለበት ሁኔታ ነው። ክሎኩ በመታ ቁጥር ማሽኑ ያለበትን ሁኔታና የሚገባውን ምልክት አይቶ ወደ ሌላ ሁኔታ ይሸጋገራል ወይም ባለበት ይቆያል። በሁለት ምቶች መካከል ፍሊፕ ፍሎፖቹ ዝም ናቸው፤ ውጭ የፈለገው ቢሆን የያዙትን አይለቁም።

እስካሁን ሁሉም ስቴት ማሽን አንድ ነው። መንገዱ የሚለያየው ማሽኑ ወደ ውጭ በሚናገርበት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ዓይነት ያለበትን ሁኔታ ብቻ ይናገራል። የመንገድ መብራት ጥሩ ምሳሌ ነው፤ «አረንጓዴ» በሚባለው ሁኔታ ላይ እስካለ ድረስ እግረኛው የመሻገሪያውን ቁልፍ ቢደበድበውም መብራቱ አረንጓዴ ነው። ቁልፉ ቀጥሎ የሚመጣውን ሁኔታ ይለውጥ ይሆናል እንጂ አሁን የሚታየውን ቀለም አይነካም። ይህ የሙር ማሽን ነው። ሁለተኛው ዓይነት ያለበትን ሁኔታና በዚያችው ቅጽበት የሚገባውን ምልክት አንድ ላይ አይቶ ይናገራል፤ የሚገባው ሲለወጥ ክሎክ ሳይጠብቅ የሚወጣውም ይለወጣል። ይህ የሚሊ ማሽን ነው።

ስሞቹ የሁለት አሜሪካውያን ናቸው፤ ሁለቱም በቤል ላብስ ሠርተዋል። ጆርጅ ሚሊ እ.ኤ.አ. በ1955 በቤል ሲስተም ቴክኒካል ጆርናል ላይ ባለ ማስታወሻ ሰርኪዩቶችን ደረጃ በደረጃ መንደፊያ ዘዴ አሳተመ። የኤድዋርድ ሙር ጽሑፍ ክላውድ ሻነንና ጆን ማካርቲ ባዘጋጁትና በ1956 በታተመው «አውቶማታ ስተዲስ» በተባለው መድብል ውስጥ ወጣ። የሚገርመው ሙር በዚያ ጽሑፉ ሰርኪዩት ስለ መሥራት አልነበረም የሚያስበው። ጥያቄው ሌላ ነበር፤ ውስጡ የማይታይ ሳጥን ተሰጥቶን ምልክት እያስገባን የሚያወጣውን ብቻ ብናይ፣ ውስጡ ስላለው ነገር ምን ያህል ማወቅ እንችላለን የሚል ነው። ዛሬ የዲጂታል ሎጂክ ትምህርት የሚወስድ ተማሪ ሁሉ ስሙን የሚያውቀው ግን በዚህ ሳይሆን ለሐሳቡ መነሻ ባደረገው የማሽን ዓይነት ነው።

በመማሪያ መጻሕፍት ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ በሥዕል ይቀርባል። የሙር ውጤት በክቡ ውስጥ ይጻፋል፣ የሚሊ ውጤት በቀስቱ ላይ። ይህ ለፈተና ይበቃል፤ ነገሩን ግን ይደብቃል። ዋናው ነገር በሽቦው ላይ ነው ያለው። በሚሊ ማሽን ውስጥ ከመግቢያው ተነስቶ ምንም ፍሊፕ ፍሎፕ ሳያቋርጥ እስከ መውጫው የሚደርስ ክፍት መንገድ አለ። በሙር ማሽን ውስጥ ይህ መንገድ የለም። ከጊዜ ጋር የተያያዘው ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ የበሩ ቆጣሪም በደንብ ያሳየዋል።

ሥራው ቁልፉ በተጫነ ቁጥር አንዲት ብቻ አጭር ምልክት ማውጣት ነው። በሚሊ መንገድ ሁለት ሁኔታዎች ይበቃሉ፤ «ቁልፉ ላይ ነበር» እና «ቁልፉ ታች ነበር»። ውጤቱ አንድ የሚሆነው «ላይ ነበር» በሚለው ሁኔታ ላይ ሳለ ቁልፉ ሲጫን ነው። በሙር መንገድ ሁለት አይበቃም፤ ምክንያቱም ውጤቱ ቁልፉን ማየት ስለማይችል፣ «ምልክት አሁን ስጥ» የሚል የራሱ ሁኔታ ያስፈልገዋል። እናም ሦስት ይሆናሉ፤ «ጠብቅ»፣ «ስጥ»፣ «ተይዟል»። ቁልፉ ሲጫን ከ«ጠብቅ» ወደ «ስጥ» ያልፋል፤ በሚቀጥለው ምት ቁልፉ አሁንም ከተያዘ ወደ «ተይዟል»፣ ከተለቀቀ ወደ «ጠብቅ» ይሄዳል። በቬሪሎግ ሲጻፍ የውጤቱ መስመር በሁለቱ ላይ ይህን ይመስላል፤ መጀመሪያ ሚሊ፣ ቀጥሎ ሙር፦

```verilog
assign pulse = (state == UP) && btn;
```

```verilog
assign pulse = (state == PULSE);
```

በመጀመሪያው መስመር ላይ `btn` አለ፣ በሁለተኛው የለም። ጉዳዩ ይኸው ነው።

አሁን ጊዜውን እንከተል። ክሎኩ በ0፣ በ20፣ በ40፣ በ60 ናኖሰከንድ ላይ ይመታል። የአስተናጋጁ ጣት ክሎኩን አያውቀውም፤ ቁልፉ በ33ኛው ናኖሰከንድ ላይ ተጫነ እንበል። የሚሊው ውጤት ወዲያው ይነሳል፤ በ40 ላይ ክሎኩ ሲመታ ሁኔታው ወደ «ታች ነበር» ስለሚለወጥ ውጤቱ ይወድቃል። የቆየው 7 ናኖሰከንድ ብቻ ነው። ቁልፉ በ22 ላይ ቢጫን 18 ይቆይ ነበር፣ በ39 ላይ ቢጫን ደግሞ 1። የምልክቷ ርዝመት በጣቱ ዕድል ይወሰናል። የሙሩ ማሽን ግን እስከ 40 ምንም አይልም። በ40 ላይ ወደ «ስጥ» ይገባል፣ ውጤቱ ይነሳል፣ በ60 ላይ ይወድቃል። ቁልፉ መቼም ይጫን መቼ፣ ምልክቷ ከምት እስከ ምት 20 ናኖሰከንድ ናት። ቆጣሪው በዚያው ክሎክ የሚሠራ ከሆነ የሚሊውን ምልክት በ40 ላይ ያነባል፣ የሙሩን በ60 ላይ። አንድ ምት የቀደመውና አንድ ምት የዘገየው እነዚህ ናቸው።

ለበር ቆጣሪ 20 ናኖሰከንድ መዘግየት ምንም አይደለም። ጉዳት ያለው የሚሊዋ አጭር ምልክት ላይ ነው፤ እሱም ስታጥር ብቻ ሳይሆን፣ ቁልፉን በአንድ ጊዜ የሚያዩት ሁለት ሲሆኑ ነው። በሚሊው ንድፍ የቁልፉ ሽቦ በሁለት በኩል ይሄዳል፤ አንዱ የማሽኑን ሁኔታ ወደሚይዘው ፍሊፕ ፍሎፕ፣ ሌላው በውጤቱ ጌት አድርጎ ወደ ቆጣሪው። ሁለቱ መንገዶች ርዝመታቸው አንድ አይደለም። የመጀመሪያው 1 ናኖሰከንድ፣ ሁለተኛው 3 ናኖሰከንድ ይፈጃሉ ብንል፣ ቁልፉ በ38 ላይ ሲጫን ወሬው ለሁኔታው በ39 ይደርሰዋል፣ ለቆጣሪው በ41። በ40 ላይ ክሎኩ ሲመታ ማሽኑ «ቁልፉ ተጭኗል፣ ተነግሯል» ብሎ ያልፋል፤ ቆጣሪው ግን ገና አልሰማም። በሚቀጥለው ምት ማሽኑ ዝም ብሏል። ሰውየው ገብቷል፣ አልተቆጠረም።

ይህ የሚሆነው ቁልፉ ከ37 እስከ 39 ባለው ጊዜ ውስጥ ሲጫን ነው። ከ20 ናኖሰከንድ ውስጥ 2 ማለት ነው፤ ጣት ደግሞ በዘፈቀደ ስለሚመጣ ከ10 ሰው አንዱ ገደማ ይጠፋል። መንገዶቹ ቢገላበጡ፣ ማለትም ቆጣሪው ቀድሞ ቢሰማና ሁኔታው ቢዘገይ፣ ተቃራኒው ይሆናል። ቆጣሪው በ40 ላይ ይቆጥራል፣ ማሽኑ ግን «ቁልፉ ላይ ነው» እንዳለ ስለሚቀር በ60 ላይ እንደገና ያስቆጥራል። አንድ ሰው ሁለት ሆነ። እንዲህ ያለ ስሕተት ክፋቱ በጠረጴዛ ላይ ሲፈተን አንዴ ታይቶ አንዴ መጥፋቱ ነው። ቺፑ ሲሞቅ ወይም ፕሮግራሙ እንደገና ተሠርቶ ሽቦዎቹ ሌላ መንገድ ሲያገኙ የሚጠፋው ሰው ቁጥር ይለወጣል፤ መሐንዲሱም ጥፋቱን ትናንት በነካው መስመር ላይ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «እንግዲያውስ ሙርን ተጠቀም» ይላል። ምክሩ ግማሽ እውነት ነው። የሙሩ ማሽን ሦስት ሁኔታ ስላለው ሁለት ቢት ይፈልጋል። «ጠብቅ» 00፣ «ስጥ» 01፣ «ተይዟል» 11 ተብለው ተሰይመዋል እንበል። ቁልፉ ሲጫን ከ00 ወደ 01 የሚለወጠው አንድ ቢት ብቻ ነው፤ ሰላም ነው። ቁልፉ ሲለቀቅ ግን ከ11 ወደ 00 ሁለቱም ቢቶች መውደቅ አለባቸው። የመልቀቁ ወሬ ለአንዱ ቢት በጊዜ ደርሶ ለሌላው ቢዘገይበት፣ ማሽኑ ለአንድ ምት 01 ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ 01 ደግሞ «ስጥ» ነው። አስተናጋጁ ጣቱን ሲያነሳ አንድ የሌለ ሰው ይቆጠራል። የሙር ማሽንም ከውጭ በቀጥታ የሚመጣ ምልክትን ተቋቁሞ አይኖርም።

መድኃኒቱ ለሁለቱም አንድ ነው። የቁልፉ ሽቦ ወደ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት በተከታታይ በቆሙ ሁለት ፍሊፕ ፍሎፖች ውስጥ ያልፋል። የመጀመሪያው ልክ በምቱ ላይ የሚለወጥ ምልክት አግኝቶ ለጥቂት ጊዜ ከዜሮና ከአንድ መሐል ቢዋልል እንኳ፣ ሁለተኛው እስኪያነበው ድረስ የሚረጋበት አንድ ሙሉ ምት ያገኛል። ከዚያ በኋላ ቁልፉን የሚያየው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ያያል፤ ለውጡም የሚመጣው ሁልጊዜ ከምት በኋላ ወዲያው ነው። በ33 ላይ የተጫነው ቁልፍ በ40 ላይ የመጀመሪያውን፣ በ60 ላይ ሁለተኛውን ያልፋል። የሚሊው ውጤት ከ60 ጥቂት ዘግይቶ ይነሳና እስከ 80 ይቆያል፤ ቆጣሪው በ80 ይቆጥራል። የሙሩ ከ80 እስከ 100 ይቆያል፤ ቆጣሪው በ100 ይቆጥራል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ የአንዱ ምት ልዩነት ብቻ ቀርቷል። (ብረት ከብረት ሲገናኝ ለጥቂት ሚሊሰከንድ መንጠሩም አለ፤ እሱን ግን ሚሊም ሙርም አያስቀሩትም። ቁልፉ 5 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም 250 ሺሕ ምት፣ ሳይለወጥ መቆየቱን የሚጠብቅ ሌላ ቆጣሪ ይጨመርበታል።)

ታዲያ ያቺ አንድ ምት መቼ ነው ዋጋ ያላት? ሁለት የቺፕ ክፍሎች ሲነጋገሩ ነው። አንዱ «ዳታ ስጠኝ» ይላል፣ ሌላው «ይኸው» ብሎ ይመልሳል፤ ጠያቂው መልሱን ሳያገኝ ቀጣዩን አይጠይቅም። መላሹ ሚሊ ከሆነ ጥያቄው በመጣበት ምት ውስጥ መልሱ ዝግጁ ነው፤ በ50 ሜጋኸርዝ በሰከንድ 50 ሚሊዮን ጊዜ ይለዋወጣሉ። መላሹ ሙር ከሆነ ጥያቄውን በአንድ ምት ሰምቶ በሚቀጥለው ይመልሳል፤ ልውውጡ በሰከንድ ወደ 25 ሚሊዮን ይወርዳል። በአንድ ጊዜ 4 ባይት ቢተላለፍ፣ 200 ሜጋባይት የነበረው 100 ሆነ ማለት ነው። ቺፑ ያው፣ ክሎኩም ያው።

ግን ይህም ፍጥነት ዕዳ አለበት። ሚሊ ማሽን የሰማውን ወዲያው ስለሚናገር፣ ሚሊዎች ሲደረደሩ መዘግየታቸው ይደመራል። የጠያቂው ጌቶች 6፣ የመላሹ 7፣ መልሱን የሚቀበለው ደግሞ 8 ናኖሰከንድ ቢፈጁ፣ ምልክቱ በአንድ ምት ውስጥ 21 ናኖሰከንድ መሮጥ አለበት፤ ያለው ግን 20 ነው። እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ሲፈተን ጊዜ ይተርፈዋል፣ አንድ ላይ ሲገጠሙ አይበቃቸውም። ያኔ ክሎኩን ማዘግየት ግድ ይሆናል፤ አንዲት ምት ለማትረፍ ሲባል ሁሉም ምት ረዘመ ማለት ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። የመጀመሪያው ማሽን ውጤት የሁለተኛውን ግቤት ወዲያው ካየ፣ የሁለተኛውም ውጤት የመጀመሪያውን ወዲያው ካየ፣ በመሐላቸው ምንም ፍሊፕ ፍሎፕ የሌለበት ክብ ይፈጠራል። «አንተ ዝግጁ ከሆንክ እኔም ዝግጁ ነኝ» የሚባባሉ ሁለት ክፍሎች ለዘላለም ዝም ሊሉ ይችላሉ፤ አንዱ የሌላውን ቃል የሚገለብጥ ከሆነ ደግሞ ሽቦው ክሎክ ሳይጠብቅ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ይኖራል። ሁለቱን ክፍሎች የተለያዩ ሰዎች ሲጽፏቸው፣ የየራሳቸው ጽሑፍ እንከን ሳይኖረው ይህ ክብ ሊገኝ ይችላል። በስልክና በሌሎች ቺፖች ውስጥ በሰፊው የሚሠራበት የአርም ኩባንያ ኤ.ኤክስ.አይ የተባለው የመነጋገሪያ ደንብ ይህን በግልጽ ይከለክላል። በየክፍሉ ፊት ለፊት ከሚገባ ምልክት ወደሚወጣ ምልክት ያለ ፍሊፕ ፍሎፕ የሚሻገር መንገድ መኖር የለበትም ይላል። ዳታ ያለው ወገንም ሌላው «ዝግጁ ነኝ» እስኪል ጠብቆ «ዳታ አለኝ» ማለት አይፈቀድለትም። በሌላ አነጋገር፣ ማንኛውም ክፍል ለጎረቤቱ እንደ ሙር መታየት አለበት፤ በውስጡ ግን ሚሊ ቢሆን ማንም አይጠይቀውም።

ስለ ሙር በየማስታወሻ ደብተሩ የሚገለበጥ አንድ አባባል አለ፤ «የሙር ውጤት ግሊች የለውም» የሚል። ግሊች በሁለት ምቶች መሐል ሳይፈለግ ብልጭ ብላ የምትጠፋ ምልክት ናት። አባባሉ እንዳለ ሲወሰድ ስሕተት ነው። ሁኔታው ከ01 ወደ 10 ሲለወጥ ሁለቱ ቢቶች በአንድ ቅጽበት አይገለበጡም፤ ለናኖሰከንድ ክፋይ 00 ወይም 11 ሊታይ ይችላል። ውጤቱ በጌቶች አማካኝነት 11ን ፈልጎ የሚነሳ ከሆነ፣ ማሽኑ 11 የሚባል ሁኔታ ላይ ሳይደርስ ብልጭ ይላል። ሙር የሚከለክለው ከመግቢያው የሚመጣውን ግሊች እንጂ የራሱን አይደለም። ንጹሕ የሚሆነው ውጤቱ ራሱ በቀጥታ ከአንድ ፍሊፕ ፍሎፕ ሲወጣ ነው። ከላይ በተሰየመው ማሽን ላይ ለምሳሌ «ስጥ» የሚለው ሁኔታ ብቻ የሚይዘው የራሱ ቢት ቢሰጠው፣ ያ ቢት ምንም ጌት ሳያልፍ ወደ ውጭ ይወጣል።

ግሊች ሁልጊዜ ይጎዳል ማለትም አይደለም። በያው ክሎክ የሚሠራው ቆጣሪ የሚያነበው ምቱ ሲደርስ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተፈጠረው ብልጭታ ከተረጋጋ አያየውም። የሚጎዳው ምልክቱ ወደ ሌላ ክሎክ ሲሻገር፣ የማስታወሻ ማጽጃ ሽቦ ላይ ሲገጠም፣ ወይም ራሱ እንደ ክሎክ ሲያገለግል ነው። ከቺፑ ወጥቶ ሞተር የሚያስነሳ ማብሪያ ላይ የሚደርስ ውጤትም ከነዚህ ይመደባል። የማይክሮዌቭ ምድጃ በር ሲከፈት ማሞቂያው ወዲያውኑ መቆም አለበት፤ ይህ በወረቀት ላይ የሚሊ ጠባይ ይመስላል። አምራቾቹ ግን ጉዳዩን ለስቴት ማሽን ብቻ አይተዉትም። በበሩ ላይ ያሉ ማብሪያ ማጥፊያዎች ኃይሉን ራሳቸው ይቆርጡታል፣ ማሽኑ ወሬውን የሚሰማው ለራሱ መዝገብ ነው።

በሥራ ላይ ያለው ሰው ከሁለቱ ይልቅ ብዙውን ጊዜ ሦስተኛውን ይመርጣል፤ በሚሊ አስቦ ውጤቱን በአንድ ፍሊፕ ፍሎፕ ያሳልፋል። ሁኔታዎቹ ጥቂት ይሆናሉ፣ መውጫው ንጹሕ ይሆናል፣ መዘግየቱ ግን እንደ ሙር አንድ ምት ነው። የበሩ ቆጣሪ እንዲህ ቢጻፍ ሁለቱ ሁኔታዎች ይበቁታል፤ ምልክቷም ልክ እንደ ሙሩ ከ80 እስከ 100 ትታያለች። አንድ ፍሊፕ ፍሎፕ ስለተጨመረም የተቆጠበው ሁኔታ ዋጋ መልሶ ተከፍሏል፤ በቢት ከተቆጠረ ሁለቱ እኩል ናቸው።

የትኛው ዓይነት እንደተሠራ ለማወቅ ጽሑፉን ሁሉ ማንበብ አያስፈልግም። ሲሙሌሽን ላይ ግቤቱን ሆን ብሎ በሁለት ምቶች መሐል፣ ለምሳሌ በ33 ላይ፣ መለወጥ ይበቃል፤ ውጤቱ አብሮ ከተነሳ ሚሊ ነው፣ እስከ 40 ከጠበቀ አይደለም። ግቤቱን ልክ በምቱ ላይ የሚለውጥ መፈተኛ የጻፈ ተማሪ ግን ሁለቱ ማሽኖች ስክሪኑ ላይ በአንድ ምት ተለያይተው ያያቸዋል እንጂ ለምን እንደተለያዩ አይገባውም፤ የሚሊው ምልክት ከግቤቱ እኩል ስለሚነሳ ከምቱ የመጣ ይመስለዋል። ቺፑ ላይ የሚጫነውን ፋይል የሚያዘጋጀው ሶፍትዌር ደግሞ በሚሰጠው የጊዜ ሪፖርት ውስጥ መንገዶችን ከየት ተነስተው የት እንደሚያልቁ ይዘረዝራል። ከመግቢያ ተነስቶ መውጫ ላይ የሚያልቅ፣ በመሐሉ ፍሊፕ ፍሎፕ የሌለበት መስመር እዚያ ከተገኘ፣ ደራሲው አወቀም አላወቀ የሚሊ መንገድ ከፍቷል፤ ጎኑ የተጻፈው የናኖሰከንድ ቁጥርም ጎረቤቱ ክፍል ከምቱ ላይ ስንት እንደተወሰደበት ይነግረዋል።